ከጋብቻ ውጭ የተደረገ ግንኙነት ሲታወቅ፦ ለመቆየት ወይም ለመለያየት ከመወሰን በፊት ያሉት ሦስት ወራት

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ባሏ ወይም ሚስቱ ከሌላ ሰው ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ላወቁ፣ እንዲሁም ራሳቸው ግንኙነቱን ፈጽመው ጋብቻቸውን ለማዳን ለሚፈልጉ ተጋቢዎች ነው። ጽሑፉ ተጋቢዎች አብረው እንዲቆዩ ወይም እንዲፋቱ ለመምከር የታሰበ አይደለም። ዓላማው ውሳኔው በእውነት ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን መደረግ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

በተግባር እንደሚታየው እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው ተጋቢዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት የችኮላ መንገዶች አንዱን ይይዛሉ። የመጀመሪያው ነገሩ በታወቀ ሰሞን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ «ገበናችሁን ሸፍኑ፤ ለልጆቻችሁ ስትሉ ይቅር ተባባሉ» ተብሎ ጉዳዩ ሳይመረመር የሚዘጋበት መንገድ ነው። ሁለተኛው የተበደለው ወገን በመጀመሪያው የቁጣ ሳምንት ልብሱን ሰብስቦ ከቤት የሚወጣበት ወይም ፍርድ ቤት የሚሄድበት ነው። በሁለቱም መንገዶች ውሳኔው የሚሰጠው ምን እንደተፈጸመ በቅጡ ሳይታወቅ በመሆኑ ብዙዎች ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ወደ ጥያቄው ይመለሳሉ። ሆድ ይፍጀው ተብሎ የታለፈውም በሌላ ጠብ ሰበብ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የተወሰነ ጊዜና የታወቁ ግዴታዎች ያሉት የማሰላሰያ ወቅት ማበጀት የተሻለ ነው።

ለምን ሦስት ወር?

ሦስት ወር የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች በተመሳሳይ የጊዜ መጠን ላይ ይገናኛሉ።

አንደኛው የስሜት ሁኔታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተበደለው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ አይረጋለትም፣ ያየውንና ያነበበውን ነገር ደጋግሞ ያስባል። ጠዋት «እቆያለሁ» ያለው ማታ «አበቃ» ሊል ይችላል። ይህ የባሕርይ ድክመት አይደለም፤ ከድንጋጤ የሚመጣ ነው። ዳግላስ ስናይደር፣ ዶናልድ ባውኮም እና ክሪስቲና ጎርደን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነት ተጋቢዎች ያዘጋጁት የምክር አሰጣጥ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ በመጀመሪያ ድንጋጤውን መቋቋም፣ ቀጥሎ ግንኙነቱ እንዴት ሊፈጠር እንደቻለ መረዳት፣ በመጨረሻም መወሰን። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ውሳኔው ከመረዳት ሲቀድም፣ ውሳኔው አይጸናም።

ሁለተኛው የጤና ሁኔታ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራ በቅርብ ጊዜ የተከሰተን መያዝ ወዲያውኑ ላያሳይ ይችላል። ስለሆነም ነገሩ እንደታወቀ የሚደረገው ምርመራ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከመጨረሻው ተጋላጭነት ሦስት ወር በኋላ መደገም ይኖርበታል።

ሦስተኛው የሕግ ሁኔታ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ለተጋቢዎቹ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 የተመለከተው የአመንዝራነት ወንጀል የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ የግል አቤቱታም የሚቀርበው ተበዳዩ የወንጀሉን ድርጊት ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ ይህ መብት ያልፋል። ስለዚህ የማሰላሰያ ወቅት የያዘ ሰው ይህ ቀን እየቆጠረ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደረግ ያለባቸው

ከሁሉ በፊት የሚታየው ደኅንነት ነው። በቤት ውስጥ ድብደባ፣ ዛቻ ወይም ማስገደድ ካለ በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው የጋራ የማሰላሰያ ወቅት አያገለግልም። በፍርሃት ውስጥ ያለ ሰው በነፃነት ሊወስን አይችልም። በዚህ ጊዜ ተጎጂው በመጀመሪያ ወደሚያምነው ዘመድ መሄድና በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ማመልከት ይኖርበታል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚታየው ጤና ነው። ሁለቱም ተጋቢዎች ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝ እና ለሄፓታይተስ ቢ መመርመር አለባቸው። «እኔ ጤነኛ ነኝ» የሚል ቃል የምርመራ ውጤትን አይተካም። ሁለተኛው ምርመራ እስኪደረግ ድረስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ወይም ኮንዶም መጠቀም ይገባል። ይህን መጠየቅ ለተበደለው ወገን የቂም መግለጫ ሳይሆን ሕጉ ራሱ የሚያውቀው መብት ነው፤ ለጤና የሚያሰጋ ሲሆን ተጋቢ ለግንኙነት አይገደድም። ሚስት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነች በክትትል ላይ ላለው የጤና ባለሙያ ሁኔታውን መንገር ለልጁም ጥበቃ ነው። ተጋላጭነቱ ከተፈጸመ 72 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ በዚያው ዕለት ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

በእነዚህ ቀናት ሊቆጠቡባቸው የሚገቡ ሦስት ድርጊቶች አሉ። ልጆችን መልእክተኛ ወይም ምስክር ማድረግ፣ ነገሩን በማኅበራዊ ሚዲያ ማውጣት፣ እንዲሁም የጋራ ንብረትን በቁጣ መሸጥ ወይም ወደ ዘመድ ስም ማዛወር ናቸው። በቀላሉ የማይመለሱ በመሆናቸው በኋላ ለሚሰጠው ውሳኔ፣ ውሳኔው የትኛውም ቢሆን፣ እንቅፋት ይሆናሉ።

እውነቱን በአንድ ጊዜ መናገር

ከግንኙነቱ በተጨማሪ ጋብቻን ሊያፈርስ የሚችለው ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ውሸት ነው። የበደለው ወገን በመጀመሪያ ይክዳል፤ ማስረጃ ሲቀርብለት የቀረበውን ያህል ብቻ ያምናል፤ ሌላ ማስረጃ ሲገኝ ደግሞ ጥቂት ይጨምራል። እርሱ ይህን የሚያደርገው «እንዳይከፋት ብዬ ነው» በማለት ሊሆን ይችላል። የተበደለችው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ ትደነግጣለች፤ ከዚያም በላይ «ገና ያልተነገረኝ ስንት አለ?» የሚል ማለቂያ የሌለው ጥያቄ ውስጥ ትገባለች።

ስለዚህ የበደለው ወገን በአንድ የተቀጠረ ቀን የሚከተሉትን በሙሉ መናገር ይኖርበታል፦ ግንኙነቱ መቼ እንደተጀመረና መቼ እንዳበቃ፣ ከማን ጋር እንደነበር፣ አሁን መገናኘት መቋረጡን፣ ምን ያህል የቤተሰብ ገንዘብ እንደወጣ፣ ሌላ ሰው ማን እንደሚያውቅ፣ እርግዝና ወይም ልጅ መኖር አለመኖሩን። እነዚህ ሁሉ ተበዳዩ ሕይወቱን በሚመለከት ለመወሰን የሚያስፈልጉት ናቸው።

በአንጻሩ የአልጋ ዝርዝርን መጠየቅ አይመከርም። «ከእኔ ትበልጣለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ምንም ቢሆን የሚጠቅም አይሆንም፤ በዓይነ ኅሊና የሚቀር ሥዕል ብቻ ይጨምራል። ለመለየት የሚረዳው ቀላል መንገድ «ይህን ባውቅ ውሳኔዬ ይለወጣል ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ መጠየቅ ይገባል፤ «አይ» ከሆነ ጥያቄውን ለጥቂት ሳምንታት በወረቀት ላይ ጽፎ ማቆየት ይሻላል።

የሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ድርሻ

ሽምግልና በሕጋችንም በባህላችንም የታወቀ ሥርዓት ነው። ሆኖም ሽማግሌ የሚጠራው ጠብን ለማብረድ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን «ይቅር» የሚለውን ቃል ማግኘት እንደ ሥራው ፍጻሜ ሊቆጥረው ይችላል። በሽማግሌ ፊት በይሉኝታ የተነገረ ይቅርታ ማታ ቤት ሲገባ አይገኝም። ከዚያም የተበደለው ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በድርጊቱ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ «ይቅር ብለሽ አልነበረም ወይ?» በሚለው ወቀሳ።

ስለሆነም ከሽማግሌዎች፣ ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም የሚጠየቀው እርዳታ ይቅርታን ማስቸኮል ሳይሆን ስምምነትን መታዘብ ቢሆን ይመረጣል። «አሁን ይቅርታ አልጠየቅም፤ አልነሣምም። ሦስት ወር ወስነን የተስማማንበትን እንድታዩልን ነው የጠራናችሁ» ማለት አክብሮት የጎደለው አነጋገር አይደለም። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ የሚታመንና ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው በቂ ነው። የሰው ብዛት ጉዳዩን ያሰፋዋል እንጂ አያበርደውም። የጋብቻ ምክር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ውይይት እንዲመራ ማድረግ ይጠቅማል።

የሦስት ወሩ ስምምነት ምን ይይዛል?

ስምምነቱ አጭር ሆኖ በጽሑፍ ቢሰፍር መልካም ነው። አምስት ነጥቦችን መያዝ ይችላል። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ሙሉ በሙሉ መቋረጡ ነው፤ በሥራ ምክንያት መገናኘት የማይቀር ከሆነ እንዴትና መቼ እንደሚሆን፣ ያ ሰው ከደወለ ወይም መልእክት ከላከ ደግሞ በዚያው ዕለት ለተጋቢ እንደሚነገር ይጻፋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳና ዕቁብ ለሁለቱም ግልጽ ይሆናሉ። ሦስተኛው የውይይት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ስለ ጉዳዩ ይነጋገራሉ። ይህ ገደብ ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ተበዳዩ የሚደመጥበት ሰዓት እንዳለው ያውቃል፣ ሌላው ወገን ደግሞ በምሳ ሰዓትም በእኩለ ሌሊትም ከመጠየቅ ያርፋል። አራተኛው ሁለተኛው የጤና ምርመራ የሚደረግበት ቀን ነው። አምስተኛው ስምምነቱ የሚያበቃበት ቀን ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር መቆየት የሚከብድ ከሆነ ተጋቢዎች ለተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር መስማማት ይችላሉ፤ የቤተሰብ ሕጉም ይህን ይፈቅዳል። ተለያይቶ መኖር ፍቺ አይደለም፤ የመተማመን ግዴታም አይቋረጥም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በሕጉ መሠረት በጋብቻ ጊዜ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም። «ደግሜ ካደረግሁት ቤቱ ያንቺ ይሁን» የሚል ወረቀት በሽማግሌ ፊት ቢፈረምም ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። የሦስት ወሩ ስምምነት የሕሊና ቃል ኪዳን ነው፤ የንብረት ጉዳይ ካለው ግን ለፍርድ ቤት መቅረብ አለበት።

በምሳሌ ሲታይ

የሚከተለው ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ የሚኖሩ፣ በጋብቻ 11 ዓመት የቆዩ፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች ያሏቸው ተጋቢዎች ናቸው። ሚስት መምህርት ናት፤ ባል በጋራ ገንዘባቸው የተገዛ ሚኒባስ ያሽከረክራል። ጥቅምት 14 ቀን ሚስት በባሏ ስልክ ላይ የቴሌብር ክፍያ መልእክቶችን አየች። ባል መጀመሪያ «ለጓደኛ ያበደርሁት ነው» አለ፤ በማግስቱ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትሁት» አለ፤ ከሳምንት በኋላ ግንኙነቱ ስምንት ወር እንደቆየ ታወቀ። በመጀመሪያው እሑድ የባል ዘመዶች ሽማግሌ ልከው ሚስት ይቅር አለች። በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በሁለተኛው ሳምንት የባል አጎትና የሚስት ታላቅ እኅት ባሉበት እንደገና ተነጋግረው ከጥቅምት 28 እስከ ጥር 28 የሚቆይ ስምምነት ጻፉ። ባል በዚያው ቀን ሒሳቡን አቀረበ፦ ለሌላዋ ሴት ቤት ኪራይ በወር 5,500 ብር ለስምንት ወር ከፍሏል፤ ይህም 44,000 ብር ነው። የ12,000 ብር ስልክም ገዝቶላታል። በድምሩ 56,000 ብር ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሚኒባሱ የዕለት ገቢ በአንድ ደብተር ላይ እየተጻፈ ሁለቱም ያዩት ጀመር። ማክሰኞና ዓርብ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ሁለቱም ተመርመሩ፤ የመጀመሪያው ውጤት ነፃ ሆነ።

በአምስተኛው ሳምንት ባል ማንም ሳይጠይቀው አንድ ነገር ተናገረ። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰው 90,000 ብር ነው ያላት በእውነቱ 120,000 ብር እንደነበር፣ የቀረውን 30,000 ብር ለኪራዩ እንዳዋለው ገለጸ። ሚስት በጣም አዘነች፤ ለሦስት ቀናትም አላናገረችውም። ነገር ግን ይህ ንግግር ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ነበር። ከዚያ በፊት የተናገረው ሁሉ የተያዘበትን ነው፤ ይህን ግን ባይናገር ኖሮ ልታውቀው አትችልም ነበር። መተማመን እየተመለሰ መሆኑ የሚታወቀው በአበባና በስጦታ ሳይሆን፣ ሰውየው የሚጎዳውን እውነት ሳይገደድ ሲናገር ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ሌላዋ ሴት ደወለች፤ ባል በዚያው ማታ ነገራት። በዘጠነኛው ሳምንት ግን ባል ተሰላችቶ «እስከ መቼ ነው ይህ ነገር የሚነሣው?» ብሎ ከውይይቱ ተነሥቶ ወጣ። ይህ ዓይነቱ መሰልቸት በብዙዎች ላይ የሚደርስ ነው። ወሳኙ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሶ ተቀመጠ፤ «የሰለቸኝ ጥያቄሽ አይደለም፤ ያደረግሁትን መስማት ከብዶኝ ነው» አላት።

ሚስት በታኅሣሥ ወር ነፃ የሕግ ምክር ጠየቀች። የግል አቤቱታ የምታቀርብ ከሆነ እስከ ጥር 14 ድረስ መሆኑን፣ ይኸውም ከስምምነቱ ማብቂያ ቀን ሁለት ሳምንት እንደሚቀድም ተረዳች። አቤቱታ ቅጣትን እስከ እስራት እንደሚያስከትል፣ ይህም የቤተሰቡን ገቢ እንደሚነካ አመዛዝና ላለማቅረብ ወሰነች። ቀኑ ሳታውቀው አላለፈባትም፤ አውቃ አሳለፈችው።

በጥር መጨረሻ የተደረገው ሁለተኛ ምርመራ ነፃ ሆነ። ጥር 28 ቀን ሚስት «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችም፤ «እቆያለሁ፤ ይቅርታው ሲመጣ እነግርሃለሁ» አለች።

በመጨረሻው ቀን የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሦስቱ ወራት ሲያበቁ እያንዳንዱ ተጋቢ ለብቻው የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢመልስና ከዚያ ቢያነጻጽሩ ይመከራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ሁሉም ተነግሯል ወይ?» የሚለው ነው። በሦስቱ ወራት ውስጥ አዲስ ነገር የታወቀው በማን በኩል ነው? በደለኛው ራሱ ከተናገረ አንድ ነገር ነው፤ ተበዳዩ ወይም ሌላ ሰው ካገኘው ፈጽሞ ሌላ ነው። ስምምነቱ ከተጻፈ በኋላ መገናኘቱ በድብቅ ቀጥሎ ከተገኘ፣ የማሰላሰያው ወቅት መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «በደለኛው ኃላፊነቱን ያለ ሰበብ ተቀብሏል ወይ?» የሚለው ነው። በጋብቻው ውስጥ ቀድሞ የነበረ ቅዝቃዜ፣ የገንዘብ ጭቅጭቅ ወይም ርቆ መሥራት ሊኖር ይችላል፤ ስለ እነዚህም ሁለቱም መነጋገር አለባቸው። ነገር ግን ችግሩ የሁለቱ ቢሆንም ግንኙነቱን የመረጠው አንዱ ነው። «አንቺ ስላልተንከባከብሽኝ ነው» የሚለው ንግግር በሦስተኛውም ወር ካልተለወጠ ነገ ሌላ ቅዝቃዜ ሲመጣ ተመሳሳዩ ምርጫ ሊደገም እንደሚችል ያመለክታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለተበደለው ወገን ብቻ የሚቀርብ ነው፦ «የምቆየው ምን ፈልጌ ነው?» የቤት ኪራይ መክፈል ስለማይቻል፣ ሰው ምን ይላል በሚል ፍርሃት ወይም ለልጆች ሲባል ብቻ መቆየት አለ። እነዚህ ምክንያቶች ከባድና እውነተኛ ናቸው፤ ሊናቁ አይገባም። ሆኖም «መውጫ የለኝም» ከሚለው «ከዚህ ሰው ጋር መኖር እፈልጋለሁ» የሚለውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከሆነ መፍትሔው መውጫ መኖሩን በሕግና በገንዘብ በኩል ማጣራት ነው፤ ከተጣራ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ፣ መቆየትም ቢሆን፣ የራስ ምርጫ ይሆናል።

በደለኛው የተስማማበትን ሁሉ ቢፈጽምም ተበዳዩ እንዲቆይ አይገደድም። አንዳንድ ሰው ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ ልቡ እንዳልተመለሰ ያውቃል። ይህን በግልጽ መናገር ለዓመታት በቂም አብሮ ከመኖር ይልቅ ለሁለቱም፣ ለልጆችም ይሻላል።

ውሳኔው መቆየት ከሆነ

መቆየት ማለት ወደ ቀድሞው ጋብቻ መመለስ አይደለም። የገንዘብ ግልጽነቱና የሳምንቱ ውይይት ይቀጥላሉ፤ ውይይቱ ግን ቀስ በቀስ ስለ ጉዳዩ ብቻ ከመሆን ወጥቶ ስለ ቤቱ ኑሮ ይሆናል። ስልክ መፈተሽ በመጀመሪያ ሊያረጋጋ ይችላል፤ በስድስተኛው ወርም በቀን ብዙ ጊዜ የሚፈተሽ ከሆነ ግን መተማመኑ አለመመለሱን ያሳያልና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ነገሩ የታወቀበት ቀን በዓመቱ ሲደርስ፣ ወይም የሚያስታውስ ቦታና ስም ሲያጋጥም ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ነገር ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። እንዲሁም የተበደለው ወገን ለመቆየት ከወሰነ በኋላ ጉዳዩን በየጠቡ እንደ መሣሪያ ማንሣት የለበትም። ያልዳነ ነገር ካለ በተወሰነው የውይይት ሰዓት ይነሣል።

ውሳኔው መለያየት ከሆነ

በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 56 ባልና ሚስት እርስ በርስ የመተማመን ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የሚኖሩ ተገልጋዮች የክልላቸውን ሕግ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ሁለቱም ተጋቢዎች ፈቅደው ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብም ይችላሉ።

ፍቺ በሁለት መንገድ ይጠየቃል። የመጀመሪያው በስምምነት የሚደረግ ፍቺ ነው። ተጋቢዎቹ መፋታታቸውንና የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም የንብረት ክፍፍልን፣ የልጆችን አሳዳጊነትና ቀለብ በተመለከተ የተስማሙበትን ጽፈው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ፈቃዳቸው እውነተኛና ነፃ መሆኑን፣ ስምምነቱም ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን ሲያረጋግጥ ያጸድቀዋል። በዚህ መንገድ የሚፋቱ ሰዎች የፍቺውን ምክንያት እንዲገልጹ አይገደዱም፤ ስለዚህ ገበናቸውን በችሎት መዘርዘር አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛው መንገድ አንዱ ተጋቢ ወይም ሁለቱ የሚያቀርቡት የፍቺ አቤቱታ ነው። በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ሊያነጋግር፣ እነርሱ በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲነጋገሩ ሊያደርግ ወይም የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

በብዙዎች ዘንድ በስሕተት የሚታወቅ አንድ ነጥብ አለ። ከጋብቻ ውጭ ግንኙነት ማድረግ የጋራ ንብረት ድርሻን አያሳጣም፤ የጋራ ንብረት በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ሚኒባሱ በባል ስም ተመዝግቦ መገኘቱ ብቻውንም የግል ንብረቱ አያደርገውም፤ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ሆኖም በአንቀጽ 84 መሠረት ለፍቺው ምክንያት የሆነው ጥፋት የአንደኛው ተጋቢ ሲሆን ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ በምሳሌው ላይ እንደታየው ለሦስተኛ ሰው የወጣን የቤተሰብ ገንዘብ የሚያሳዩ የክፍያ መልእክቶችና ደረሰኞች ተጠብቀው መቆየት አለባቸው።

የልጆች አሳዳጊነትም ለበደል ቅጣት ወይም ለትዕግሥት ሽልማት የሚሰጥ አይደለም። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። ልጆችም ስለ ጉዳዩ ሲነገራቸው አብረው የማይኖሩ መሆኑን፣ ሁለቱም ወላጆች ግን ወላጆቻቸው ሆነው እንደሚቀጥሉ፣ ጥፋቱም የእነርሱ አለመሆኑን ማወቃቸው ይበቃል።

ለአገልግሎት ሲቀርቡ

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ተገልጋዮች መታወቂያ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ወይም ጋብቻው መኖሩን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም የቤት፣ የተሽከርካሪ፣ የባንክ ሒሳብና የዕዳ ማስረጃዎችን ይዘው ቢቀርቡ ጉዳያቸው ይፋጠናል። ለጠበቃ የመክፈል አቅም የሌላቸው ሴቶች በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ሌሎች ተገልጋዮች ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ባሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ምክር ሊጠይቁ ይችላሉ። የሕግ ምክር መጠየቅ ፍቺን መጀመር ማለት አይደለም፤ ለመቆየት የሚያስብ ተጋቢም መብቱንና የሚያልፉበትን ቀናት አውቆ እንዲወስን ይረዳዋል።